የፈራሁት ወር ጥቅምት ነበር

ነፍሰ ጡር መሆኔ ከታወቀ በኋላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፤ «ለመውለጃው የሚሆን ገንዘብ ይዛችኋል ወይ?» ይለኛል። ጠያቂዎቼ ክፉ አላሰቡም። በእናቶቻችን ዘመን ትልቁ ጭንቅ መውለዱ ስለነበር ጥያቄው ከዚያው የመጣ ነው። እኔና ባለቤቴ ግን በጥቅምት 2017 አንድ ማታ ደብተር ይዘን ተቀምጠን፣ ከእርግዝናው እስከ ልጁ አንደኛ ዓመት ያሉትን ወራት በየገጹ ጽፈን የእያንዳንዱን ወር ወጪ ስንዘረዝር ሌላ ነገር ታየን። የመውለጃው ወር ሰኔ ነበር፤ ሰኔ ከባድ አልነበረም። የሚከብደው ከአራት ወር በኋላ የሚመጣው የሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ነበር። ያን ወር ገና ሳይመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ፈራሁት፤ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ለነገሩ መነሻ እንዲሆን አቅማችንን ልናገር። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 16,500 ብር ነው። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። የእሱ ገቢ አንድ ወር ሞልቶ ይፈስሳል፣ በሌላው ወር ይደርቃል። ስለዚህ አማካይ አላወጣንም። ያለፉትን ስድስት ወራት አስታውሰን ጻፍንና ዝቅተኛውን ወር፣ 9,000 ብር የገባበትን፣ የእሱ ደመወዝ ነው ብለን ያዝን። ከዚያ በላይ የሚመጣው ሁሉ እንደሌለ ተቆጥሮ ወደ ሌላ ሂሳብ ይገባል። አማካዩን ብንይዝ ኖሮ ከሁለት ወር በአንዱ እቅዱ ይፈርስ ነበር። በዚህ አቆጣጠር የሁለታችን ገቢ 25,500 ሆነ። የቤት ኪራይ 9,000፣ ምግቡና ትራንስፖርቱ ሌላውም ተደምሮ 10,500 ይወስዳል። የሚተርፈው 6,000 ነው። ዓመቱን በሙሉ የሠራነው በዚህች 6,000 ብር ነው።

ሌላው መጀመሪያ ላይ የወሰንነው ነገር፣ እቅዱን በብር ብቻ አለመጻፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ አይተናል። ለሕፃን የሚገዛው ነገር ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ «ዳይፐር፣ ይህን ያህል ብር» ብለን ሳይሆን «በቀን ይህን ያህል ፍሬ» ብለን ጻፍን። ፍሬው አይለወጥም። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ማባዛት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ክትትል የጀመርሁት በሠፈራችን ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ እርግዝናው ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጓደኞቼ ሳያውቁት ወይም ሳያምኑት ገና ከመጀመሪያው ወር ወደ ግል ክሊኒክ እየሄዱ ለመውለጃና ለአራስ ወር የሚሆናቸውን ገንዘብ ይጨርሳሉ። ነጻ ነው ማለት ግን ምንም አይወጣም ማለት አይደለም። ምርመራው ነጻ ሆኖ የምርመራው ኬሚካል ያልቃል፤ አንድ ቀን የደም ምርመራ ወረቀት ይዤ ውጭ እንዳሠራ ተልኬአለሁ። አልትራሳውንድም ወረፋው ረዝሞብኝ አንዱን በግል አሠርቻለሁ። በደብተራችን ላይ «ውጭ የሚሠራ» የሚል መስመር ከፍተን በየወሩ ጥቂት ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከተሠሩልኝ ምርመራዎች አንዱ የደም ዓይነት ነበር። የእኔ ኦ ኔጋቲቭ ሆኖ ተገኘ። ሲስተሯ ውጤቱን አይታ፣ «እህቴ፣ የባለቤትሽን ደም ሳታሠሪ ሌላ ነገር እንዳታስቢ» አለችኝ። እናቶቻችን ሾተላይ የሚሉት ነገር ይህ ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የልጁ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ይገባና ሰውነቷ ያን ደም ባዕድ ነው ብሎ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሁለተኛው ሲጸነስ ግን የተዘጋጀው መከላከያ የልጁን ደም ያጠቃል። በድሮ ጊዜ አንዲት እናት አንድ ልጅ ወልዳ ከዚያ በኋላ እየደጋገመ ሲሞትባት ሾተላይ አለባት ይባል ነበር። ዛሬ መከላከያው መርፌ ነው፤ እናቲቱ ልጁ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት፤ በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት አካባቢም አንድ ጊዜ እንዲሰጥ ይመከራል።

ይህን በዝርዝር የምጽፈው ከወጪ እቅድ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ሰው የማያየው ስለሆነ ነው። ከሁሉ በፊት፣ የባለቤት ደም ምርመራ በጣም ርካሽ ነው። እሱም ኔጋቲቭ ቢሆን ልጁ ኔጋቲቭ ስለሚሆን መርፌ የሚባል ወጪ ከደብተሩ ላይ ይሰረዛል። ባለቤቴ ኦ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ስለዚህ ወጪው ቀረልን ማለት አልቻልንም። መርፌው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ እኛ ስንገዛ አንዱ 7,000 ብር ግድም ነበር፤ ሁለቱ 14,000 ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በፈለጉት ቀን አለመገኘቱ ነው። ባለቤቴ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ያሉትን መድኃኒት ቤቶች፣ የከነማንም የቀይ መስቀልንም እየዞረ ጠየቀ። አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ አልቋል፣ ሦስተኛው የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ይላል። ለወሊዱ የሚሆነውን ቀድመን ገዝተን ቤት እናስቀምጠው ብለን አስበን ነበር፤ መርፌው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ መርፌ ተበላሽቶ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገንዘቡን ይዘን መድኃኒቱን እዚያው መድኃኒት ቤት አስቀመጥነው፤ ማለትም ስልካቸውን ወስደን ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ መኖሩን እየጠየቅን ቆየን። በወለድሁ ማግሥት፣ የልጄ ደም ፖዘቲቭ መሆኑ እንደታወቀ፣ ባለቤቴ ሄዶ በበረዶ መያዣ ይዞልኝ መጣ። 72 ሰዓቱ ሳይሞላ ተወጋሁ። በጥቅምት የደም ዓይነቴን ባላውቅ ኖሮ ያን 7,000 ብር በሦስት ቀን ውስጥ ከማን እንደምበደር አላውቅም።

አሁን ወደ ቁጠባውና ወደ እቁቡ ልሂድ። ከምትተርፈው 6,000 ብር ግማሹን፣ 3,000ውን፣ ለእርግዝናው ወጪ በባንክ አስቀመጥን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰባት ወር ነው፤ 21,000 ይሆናል። 14,000ው ለመርፌው ወጣ፤ የቀረው 7,000 ለአልትራሳውንዱ፣ ለጨርቁና ለልብሱ ሆነ። ሌላውን 3,000 ብር ግቢያችን ውስጥ ባለ እቁብ ገባንበት። አሥር ሰው ነን፤ ኅዳር ተጀምሮ ነሐሴ ያልቃል፤ የሚደርሰው ገንዘብ 30,000 ነው።

ብዙ ሰው እቁብ ሲገባ እጣው ቶሎ እንዲወጣለት ይመኛል። ለወላድ ግን ቶሎ መውጣቱ ከባድ ነው። በየካቲት እጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ እስከ ነሐሴ በየወሩ ይከፍላል፤ ያ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ብድር ሆነ ማለት ነው። ክፍያው ደግሞ የሚቀጥለው ሰኔና ሐምሌ፣ ቤቱ በአራስና በጠያቂ በተሞላበት ጊዜ ነው። ገንዘቡም በእጅ ካለ እስከ ጥቅምት ይቆያል ብዬ ለራሴ ልዋሽ አልቻልሁም። የእኔ እጣ የወጣው በየካቲት ነበር። የእቁቡን ጸሐፊ፣ «እትዬ፣ እኔ ዘግይቶ ነው የምፈልገው፤ አሁን የቸገረው ሰው ይውሰደው» አልኋቸው። ለሱቋ ዕቃ መሙላት የፈለገች አንዲት ጎረቤቴ ወሰደችው። የእሷ እጣ በወጣበት ወር ለእኔ እንዲሰጥ ጸሐፊዋ በደብተራቸው ጻፉ፤ ሁለታችንም ፈረምን፤ የእሷ ዋስም ፈረመ። ዋሱ ግዴታ ነው። በቃል ብቻ የተደረገ የእጣ ልውውጥ ሐዘን ወይም ቤት መልቀቅ ሲመጣ ይበተናል። የእሷ እጣ የወጣው በሐምሌ ሆነ። 30,000 ብሩን በልጄ ስም በተከፈተ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ አስገባሁት። ወለዱ ትንሽ ነው። የሚጠቅመው ከየዕለቱ ሒሳባችን መለየቱ ነበር፤ የኤቲኤም ካርድ አላወጣሁለትም።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አልገዛንም። የሕፃን አልጋ አልገዛንም፤ ልብሱን በአብዛኛው የእህቴ ልጆች ካደጉበት ነው ያገኘነው። ዳይፐሩ ግን ቁጭ ብሎ መቁጠርን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ወር ሕፃን በቀን አሥር ያህል ጊዜ ይቀየራል፤ ይህ 300 ፍሬ ነው። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር በቀን ሰባት ቢሆን 1,050፤ ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው በቀን አምስት ቢሆን 900። ዓመቱ 2,250 ፍሬ ሆነ። አንዱን በ20 ብር ብናስበው 45,000 ብር ነው። ከእቁባችን ሙሉ ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ቀን በጨርቅ፣ ሌሊትና ከቤት ስንወጣ በዳይፐር፣ በቀን ሁለት ፍሬ ብቻ ብለን ወሰንን። ያ በዓመት 730 ፍሬ፣ 14,600 ብር ነው።

የሽንት ጨርቁ ስንት ይሁን ለሚለው መልስ የሰጠን ውሃው ነው። በእኛ ግቢ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ ጊዜ አራት ቀን ነው። በቀን ስምንት ጨርቅ ቢቆሽሽ፣ ውሃ እስኪመጣ 32 ጨርቅ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ልጄ የምትወለደው ሰኔ ነው፤ ክረምት ገብቶ የታጠበ ጨርቅ ከአንድ ቀን በላይ ገመድ ላይ ይውላል፤ ለዚህ ሌላ ስምንት ያስፈልጋል። ድምሩ 40 ነው። እናቴ ለስላሳ አቡጀዲ ከመርካቶ ገዝታ፣ 28 ሜትር ግድም የሚሆነውን በ70 ሴንቲሜትር በ70 ሴንቲሜትር ቆርጣ ጠርዙን ሰፋችው። ከመጠቀማችን በፊት ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነበር፤ አዲስ አቡጀዲ ደረቅ ነው፣ ውሃም አይመጥም። የጓደኛዬ ቤት ውሃ በየቀኑ ስላለ እሷ በ20 ጨርቅ በቀላሉ ተወጥታዋለች። የእሷን ቁጥር ይዤ ብጀምር ኖሮ በሐምሌ በየሳምንቱ መጨረሻ ዳይፐር ለመግዛት እሮጥ ነበር።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ዋጋው ሳይጨምር ብዬ ትንሹን ቁጥር ዳይፐር አምስት ፓኮ በአንድ ጊዜ ገዛሁ። ልጄ ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች፤ አንድ ጤነኛ ሕፃን በአምስት ወሩ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፤ እሷም ቶሎ አደገችና ሁለቱ ፓኮ ተረፈኝ። የዳይፐር ቁጥር በኪሎ ስለሆነ ማከማቸት ካለበትም ማከማቸት ያለበት ትልቁ ቁጥር ነው፤ እሱ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል።

የወሊድ ፈቃዱን ነገር ቢሮ ሳልሄድ አዋጁን አንብቤ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን ነው፤ ባለቤቴ ግን የራሱ ሥራ ስለሆነ ያም አልነበረውም። ሁለት ነገር ጠይቄ አረጋገጥሁ። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤታችን 90ውን በሥራ ቀን ስለሚቆጥር የመመለሻዬ ቀን ጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ሆነ። ሁለተኛ፣ ልጁ ከታሰበው ቀን ቀድሞ ከመጣ ከወሊድ በፊት ያለው የቀረ ቀን ወደ ኋላ አይዞርም። ልጄ ሁለት ቀን ቀድማ፣ ሰኔ 3 ስለተወለደች ሁለቱ ቀን በዚያው ቀረ። ደመወዙ ሙሉ ቢሆንም የትራንስፖርት አበሌ በፈቃድ ላይ አይከፈልም ነበር፤ የማላወጣው የታክሲ ገንዘብ ግን አካካሰው።

ምጡ የመጣብኝ ማታ ነበር። ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከኝ፤ በምጥ በሰላም ወለድሁ። ለወሊዱ የከፈልሁት ነገር የለም፤ የወጣው ከውጭ የተገዛ መድኃኒትና ጓንት፣ የባለቤቴ ታክሲም ነው። እናቴ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዛ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚመጣው ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። ማር፣ አጃ፣ ሳሙና፣ የልጅ ልብስ፣ አንዳንዱ ትራሷ ሥር የሚያስቀምጠው ብር። ሰኔ ያልከበደው ለዚህ ነው። በአራስነት ጊዜ አገር ሁሉ ያግዛል። ጥቅምት ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እናቴም ወደ ቤቷ ሄዳለች።

በመካከሉ ክርስትናው ነበር። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ የድግሱ ወጪ የሚወድቅበት ወር በልጁ ጾታ ይለያያል። ወንድ ቢሆን ሐምሌ 12፣ ሴት ስትሆን ነሐሴ 22። አልትራሳውንዱ ሴት መሆኗን ስለነገረን ቀኑ ከፍልሰታ ጾም በኋላ እንደሚሆን አስቀድመን አወቅን። የእቁቡ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ፣ ክርስትናው ነሐሴ። እናቴ፣ «ልጄ፣ የመጀመሪያ ልጅሽ ናት፤ ሰው ምን ይላል? በግ እንኳን ይታረድ እንጂ» አለችኝ። ደብተሩን አወጣሁና የጥቅምትን ገጽ አሳየኋት። ማንበብ አትወድም፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሞግዚት ይህን ሁሉ ትወስዳለች?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ በጉ አላነሣችም። ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ዶሮ ወጥ ተሠራ፣ ክርስትና እናቷና የቅርብ ዘመድ ተጠርተው በባለቤቴ ትርፍ ገቢ ተሸፈነ። በእኔና በእናቴ መካከል በዚያ ዓመት የነበረው ከባዱ ንግግር ይህ ነው፤ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እነሆ ጥቅምት። ቁጥሩ ይህ ነበር። ሞግዚት በወር 6,000። ዳይፐር በቀን ሁለት፣ በወር 60 ፍሬ፣ 1,200። ለልጄና ለሞግዚቷ ተጨማሪ ምግብ 1,500። ድምሩ 8,700 ነው። እቁቡ ነሐሴ ላይ ስላለቀ የምትተርፈው 6,000 ሙሉዋን ነጻ ወጥታለች፤ የሚጎድለው በወር 2,700 ሆነ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው፤ 21,600 ብር። ከ30,000ው ላይ ይህ ሲነሣ 8,400 ይቀራል፤ እሱን ለሕመም ብለን ያዝነው።

ይህ ስሌት ግን የሚሠራው የጣሳ ወተት ካልገባበት ብቻ ነው። ልጅ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል፤ እኔ ግን የምመለሰው በአራት ወር ከጥቂት ቀን ነው። የሁለት ወር ክፍተት አለ። ቀኑን ሙሉ የጣሳ ወተት የሚጠጣ ሕፃን በቀን 800 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ለዚያ ከ100 ግራም በላይ ዱቄት ይገባል፤ የ400 ግራም ጣሳ አራት ቀን አይደርስም። በወር ስምንት ጣሳ ያህል ነው። እኔ ቢሮ በምሆንባቸው ሰዓታት ብቻ ቢሰጣት እንኳ በወር ሦስት ጣሳ፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ ወደ 4,000 ብር ነው። ከሚጎድለን 2,700 በላይ። አንዳንድ ቤት ጣሳውን ለማቆየት ዱቄቱን ይቀንሱና ውሃ ያበዛሉ። ይህ በጣም አደገኛ ነው፤ ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ክብደቱ ግን ይቆማል። የሚታወቀው በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ያለው የክብደት መስመር ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ሲተኛ ነው።

ስለዚህ በመስከረም፣ ገና ቤት ሳለሁ፣ የእጅ የጡት ወተት ማለቢያ ገዝቼ ተለማመድሁ። ቢሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋዱ ላይና ከምሳ በኋላ፣ የዕቃ ክፍሉን ዘግቼ አልባለሁ። አለቃዬ ሴት ናት፤ ሳልጠይቃት ቁልፉን ሰጠችኝ። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ቢሮ ማቀዝቀዣ አለ፤ ወደ ቤት ስመለስ በበረዶ መያዣ እወስደዋለሁ፤ ልጄ በነጋታው ትጠጣዋለች። በቀን 350 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 200 ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ውሃ አለመጠጣቴና መቸኮሌ ነበር። ሌሊት ደጋግማ ስትጠባና እኔም ስረጋጋ ጨመረ። አንድም ጣሳ ሳንገዛ ኅዳር አለቀ። ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስትጀምር እናቴ አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴና ሽምብራ ቆልታ፣ አስፈጭታ የላከችው ምጥን ገንፎ ነበር የመጀመሪያዋ። እንቁላሉና አትክልቱ ከእኛው ድስት ይቀነሳል።

እቅዱ ያላሰበው ነገርም መጣ። ሞግዚቷን ያገናኘን ደላላ ኮሚሽን እንደሚወስድ አልጻፍንም ነበር። በታኅሣሥ ልጄ ትንፋሿ ፈጥኖ ጎኗ ሲሰረጉድ አይተን በሌሊት ወደ ግል ክሊኒክ ወሰድናት፤ የሳንባ ምች ጀምሯት ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ሞግዚቷ ቤተሰቦቿ ጋ ለጥምቀት ሄዳ አልተመለሰችም። ሌላ እስክናገኝ ባለቤቴ 11 ቀን ሥራ ትቶ ልጅቷን ያዘ። ደመወዙን በዝቅተኛው ወር መያዛችን የጠቀመን ያኔ ነው፤ ጥር ላይ ያገኘው 7,500 ብር ሲሆን የጎደለው 1,500 ብቻ ነበር። ከ8,400ው ላይ ኮሚሽኑም ክሊኒኩም ይህም ሲነሣ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ 2,900 ብር ቀረን።

በመጋቢት ዘጠኝ ወር ሞላትና የኩፍኝ ክትባቷን አስከተብሁ። ክትባት በተሰጠ ቁጥር፣ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቷም፣ በደብተሩ ገጽ ላይ ዜሮ እየጻፍሁ ነው የመጣሁት። የሚቀጥለው በ15 ወሯ ነው። ያ ገጽ በድሮው ደብተር ውስጥ የለም። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «መስከረም፣ የሕፃናት ማቆያ» ብሎ ጽፎ ከጎኑ ያለውን ባዶ ትቶታል። የማቆያዎቹን ዋጋ ለመጠየቅ ቅዳሜ ሦስቱ ጋ አብረን እንሄዳለን።